ውሃው ያጣራው ጥርጣሬያችንን ብቻ ነው

ካዛንቺስ ያደገ ሰው ስለ ከሰል ሁለት ነገር ሳያውቅ አያድግም። አንደኛ፣ ከሰል ደጅ ይቀጣጠላል እንጂ ቤት ውስጥ አይቀጣጠልም። ሁለተኛ፣ ፍም ያለበት ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ጠዋት ላይነሳ ይችላል። ይህን ለመማር ሐኪም ቤት መሄድ አላስፈለገንም። እናቶቻችን፣ አክስቶቻችን፣ ግቢ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን በየክረምቱ ነግረውናል። «መስኮቱን ከፈት አድርጉት» የሚለው ቃል ከቡናው ጋር አብሮ የሚቀርብ ነበር።

ታዲያ ያው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት መጋረጃው የተጋረደበት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ጋደም ይልና፣ የጋለ ከሰል ከላይ የተቀመጠበትን ዕቃ ቱቦ አፉ ላይ አድርጎ ለአንድ ሰዓት ይስባል። ለምን ስትለው «ሲጋራ እኮ አይደለም፣ ሺሻ ነው፤ በውሃ ይጣራል» ይልሃል። እቤቱ ከሰል አጠገብ የማይተኛ ሰው፣ እዚህ ከሰሉን በቱቦ ይጠባል።

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚች «በውሃ ይጣራል» ከምትል ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ከጫት ጋርም አይደለም፣ ከወጣት መዝናናትም ጋር አይደለም። ስለ ሺሻ ቤት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ወንጀል፣ ባህል፣ ሥነ ምግባር ነው። እኔ ግን ስለ ሳንባ ነው የማወራው፤ ምክንያቱም ስለ ሳንባ ያወራን ሰው የለም።

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። ከላይ ትንሽ የሸክላ ጎድጓዳ አለች። እሷ ውስጥ የሚገባው ትምባሆ ደረቅ አይደለም፤ በሞላሰስ ወይም በማር፣ በግሊሰሪንና በፍራፍሬ ማጣፈጫ የተለወሰ ነው። በላዩ ፎይል ይወጠራል፣ ፎይሉ ይበሳሳል፣ ከፎይሉ ላይ ፍም ይቀመጣል። አንተ ስትስብ አየሩ መጀመሪያ በፍሙ መሃል ያልፋል፣ ከዚያ በትምባሆው ውስጥ ይወርዳል፣ በቀጭኑ ብረት አድርጎ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ አረፋ እየሆነ ይወጣና በቱቦው ወደ አንተ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ልብ በል፦ ከሰል፣ ትምባሆ፣ ውሃ፣ ሳንባ። ሲጋራ ላይ የሚነደው ትምባሆው ራሱ ነው። ሺሻ ላይ ግን ትምባሆው በአብዛኛው የሚነደው ሳይሆን የሚበስለው ነው። የሚነደው ከሰሉ ነው። ስለዚህ ሺሻ የሚያጨስ ሰው ሁለት ነገር ነው የሚያጨሰው፦ ትምባሆም፣ ከሰልም።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። «ውሃው ባያጣራ ኖሮ ለምን ቡኒ ይሆናል?» የሚለው ክርክር በየክፍሉ አለ፣ ሰምቼዋለሁ። ጥያቄው ደደብ አይደለም። ውሃው በእርግጥ የሆነ ነገር ይይዛል። ግን ቡኒው ውሃ የሚነግርህ የቀረውን ነው፤ ያለፈውን ማወቅ ከፈለግክ ጠርሙሱን ትተህ ከአፍህ የሚወጣውን ነጭ ደመና እየው። ጭስ ማለት በአየር ላይ የተንሳፈፉ እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎችና ቅንጣቶች ማለት ነው። ውሃው አጣርቶ ቢሆን ኖሮ ከአፍህ የሚወጣ ደመና አይኖርም ነበር። በስልክህ እየቀረጽክ ቲክቶክ ላይ የምትለጥፈው ያ ወፍራም ጭስ፣ ማጣሪያው አለመሥራቱን የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ለምን አይሠራም? ጭሱ ውሃውን የሚያቋርጠው በአረፋ ውስጥ ሆኖ ስለሆነ ነው። አረፋው ከታች ተነስቶ እላይ ለመድረስ ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ጥቃቅኖቹ ቅንጣቶች አረፋው መሃል እንደ ተሳፋሪ ተቀምጠው ያልፋሉ፤ አብዛኞቹ የውሃውን ግድግዳ ሳይነኩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የከሰል ጋዝ ደግሞ ውሃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ጠርሙሱ መኖሩንም አያውቅ። ውሃው በደንብ የሚይዘው በቀላሉ የሚሟሟውን ነው፤ ከነዚህ አንዱ ኒኮቲን ነው።

እዚህ ጋ ቆም በል፣ ምክንያቱም ተንኮሉ ያለው እዚህ ነው። ኒኮቲን አንጎልህ የሚፈልገው ነገር ነው። ሱስ የሚያስይዘውም እሱ ነው፤ «በቃኝ» የሚያሰኝህም እሱ ነው። ውሃው ከኒኮቲኑ ቀነስ ካደረገ፣ አንተ አትቀንስም፤ የለመድከውን ያህል እስክታገኝ መሳብህን ትቀጥላለህ። በእያንዳንዷ ተጨማሪ ስበት ውሃው ያልያዘው ሬንጅና የከሰል ጋዝ አብሮ ይገባል። ማጣሪያ የተባለው ነገር የቀነሰው የሚያስቆምህን ነው፤ የሚጎዳህን ትቶታል።

ሌላው ውሃው በደንብ የሚሠራው ሥራ ማቀዝቀዝ ነው። የሲጋራ ጭስ ጉሮሮ ይልጣል። ያ ማቃጠል ጥሩ ነገር ነበር፤ የሰውነት ፍሬን ነው። የመጀመሪያ ሲጋራውን ያጨሰ ልጅ የሚያስለው ለዚህ ነው። ሺሻ ላይ ጭሱ ቀዝቅዞ፣ ረጥቦ፣ የፖም ወይም የሚንት ጣዕም ይዞ ይመጣልና ፍሬኑ አይያዝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጽሑፍ እንደሚለው፣ ሲጋራ አጫሽ አንዴ ሲስብ ከ40 እስከ 75 ሚሊ ሊትር ነው የሚወስደው፤ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስቦ በአምስት በሰባት ደቂቃ ይጨርሳል። በድምሩ ግማሽ ሊትር አካባቢ ጭስ ነው። የሺሻ አንድ ስበት ግን ብቻዋን ግማሽ ሊትር ልትደርስ ትችላለች። ግማሽ ሊትር ማለት ደግሞ አንድ ሰው ተረጋግቶ ሲተነፍስ በአንድ እስትንፋስ የሚያስገባው አየር ነው። ማለትም፣ ሺሻ ላይ በአየር ፋንታ ጭስ ነው የምትተነፍሰው። ሙሉ እስትንፋስ፣ ለአንድ ሰዓት።

«ለስላሳ ነው» የሚለው ስሜት ውሸት አይደለም፤ በእርግጥ ይለሰልሳል። ስህተቱ ጉሮሮ ላይ የለሰለሰውን ሳንባም ላይ ለስላሳ ነው ብሎ ማሰቡ ነው። ሳንባ ውስጥ ጣዕም የሚለይ ምላስ የለም።

አንድ ሙከራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ክርክሩን በሐሜት መጨረስ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2009 አይሰንበርግና ሺሃደህ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት አላቸው። 31 ሰዎች ወሰዱ፤ ሁሉም ሲጋራም ሺሻም የሚያውቁ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቀን አንድ ሲጋራ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ለ45 ደቂቃ ሺሻ አጨሰ፤ ደማቸው ተለካ። ሰውን ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ስላወዳደሩ፣ «የኔ ሰውነት ይለያል» የሚለው መልስ እዚህ አይሠራም።

ሦስት ነገር ወጣ። በደም ውስጥ የታየው ከፍተኛው የኒኮቲን መጠን በሁለቱም ቀን ተመሳሳይ ነበር። ስለዚህ «ሺሻ ሱስ አያስይዝም» ለሚለው ወሬ መሠረት የለም፤ ሱስ የሚያስይዘው ነገር በዚያው ልክ ደም ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛ፣ የተሳበው ጭስ ለሲጋራው 1 ሊትር፣ ለሺሻው 48.6 ሊትር ነበር። ሦስተኛው ለኔ ዋናው ነው፦ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘው የደም ክፍል ከሲጋራው በኋላ በአማካይ በ1.3 በመቶ፣ ከሺሻው በኋላ በ3.9 በመቶ ጨመረ። ሦስት እጥፍ።

ያ ጋዝ ምን ያደርጋል? ኦክስጅንን ተሸክሞ የሚዞረው ሄሞግሎቢን የሚባለው የደም ክፍል ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል እሱ ላይ ይጣበቃል። አንዴ ከተቀመጠ ወንበሩን አይለቅም፤ በተራ አየር ላይ ግማሹ እንኳ ከደም ለመውጣት አራት አምስት ሰዓት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከሺሻ ቤት ወጥተህ ደረጃ ስትወጣ ልብህ ያለ ልማዷ የምትደልቀው። ለዚህም ነው «ሺሻው ያዘኝ» የምንለው ማዞር፣ የራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከፊሉ የጣዕሙም የኒኮቲኑም ሥራ ያልሆነው። ያ ስሜት ሌላ ስም አለው፤ ክረምት ላይ በር ዘግተው ከሰል አጠገብ ያደሩ ሰዎች ጠዋት ሲነቁ የሚሰማቸው ያው ነው። አንዳንዴ ከዚያ አልፎ ሰው ራሱን ይስታል፤ ጓደኞቹም «ምሳ አልበላም ነበር» ብለው ስኳር በጥብጠው ያጠጡታል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ንጹህ አየር ነው፤ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ካልነቃ ሐኪም ቤት መውሰድ። ሐኪም ቤት ከደረሳችሁ ደግሞ ሺሻ ላይ እንደነበራችሁ ሳታፍሩ ተናገሩ። ጣት ላይ የሚደረገው ተራው የኦክስጅን መለኪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ኦክስጅን እንዳለው አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው የታፈነ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ብቻ ጨምሩበት። ያ ሙከራ የተሠራው ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ በአንድ እስትንፋስ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሰውነታችን ለምዶታል፤ ግን ተርፎን የምንሰጠው ወንበር ብዙ አይደለም።

«ችግሩ ትምባሆው ነው፣ እኔ ትምባሆ የሌለበትን የፍራፍሬውን ነው የማጨሰው» የሚለኝም አለ። ይህም ተፈትሿል። ቤሩት በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሺሃደህ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሥራ፣ ትምባሆውን አንዴ በከሰል፣ አንዴ በኤሌክትሪክ አሞቁትና ጭሱን አወዳደሩ። ከካርቦን ሞኖክሳይዱ 90 በመቶ ገደማ የመጣው ከከሰሉ ነበር። ካንሰር ከሚያመጡት የሬንጅ ውህዶችም አብዛኛው ከዚያው ከሰል ነው። በ2012 ደግሞ ትምባሆ የሌለበትን ፈተሹት፤ ከኒኮቲኑ በቀር ሌላው ሁሉ ከትምባሆው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ሲታሰብ አይገርምም፤ ከሰሉ ከሥሩ ያለው ትምባሆ ይሁን ፖም አያውቅም።

አሁን ደግሞ ከእኔ ወገን ያሉትን ልቆጣ። በየጊዜው የሚዞር «አንድ ሺሻ ከመቶ ሲጋራ ጋር እኩል ነው» የሚል ፖስተር አለ። ይህ የመጣው የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ጭሱ ብዛት ከተናገረው ነው፤ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። ብዛት ነው እንጂ ጉዳት አላለም። የሺሻ ጭስ በአየር የሳሳ ነው፤ 48 እጥፍ ጭስ በደም ውስጥ ሦስት እጥፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንጂ 48 እጥፍ አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ፣ አንድ የሺሻ ቁጭታ ከአንድ ሲጋራ ጋር ሲነጻጸር ጭሱ 125 እጥፍ፣ ሬንጁ 25 እጥፍ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ 10 እጥፍ፣ ኒኮቲኑ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው ብሏል። እነዚህ ቁጥሮች ራሳቸው በቂ ናቸው፣ ማጋነን አያስፈልጋቸውም። ማጋነን ጉዳቱ ይሄ ነው፦ ልጁ አንድ ሺሻ አጭሶ መቶ ሲጋራ እንዳጨሰ ሰው ሆኖ ስለማያድር፣ ፖስተሩን ይስቅበታል፤ ከፖስተሩ ጋር እውነቱንም ይጥለዋል።

«እኔ እኮ በሳምንት አንዴ ነው» ለሚለውም ሐቀኛ መልስ አለ። አዎ፣ በቀን 20 ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካንተ የባሰ ነው። ይህን የሚክድ ሰው ካለ አትስማው። ግን አንተ ራስህን የምታወዳድረው ከማን ጋር ነው? አብዛኛው ሺሻ ላይ የተቀመጠ ልጅ ሲጋራን ትቶ ወደ ሺሻ የመጣ አይደለም። ሲጋራ ነክቶ አያውቅም፤ «አጫሽ» ቢሉት ይጣላል። በተለይ ሴቶቹ ጓደኞቼ ሲጋራ መያዝ ነውር ሆኖባቸው ሺሻውን ግን ያለ ሐፍረት ይዘውታል። ስለዚህ ሺሻ ሲጋራን አልተካም፤ ንጹህ አየርን ነው የተካው። ከዚያም በሳምንት አንዴ የነበረው ጫት ባለ ቁጥር ይሆናል፤ ጫት ደግሞ በሳምንት አንዴ ሆኖ አያውቅም። ከሺሻ ጋር የተያያዙት የሳንባ ካንሰር፣ የመተንፈሻ ሕመምና ከሚያጨሱ እናቶች ዝቅተኛ ክብደት ይዘው የሚወለዱ ልጆች ላይ ያለው ማስረጃ እንደ ሲጋራው የዘመናት ክምችት የለውም፤ ሆኖም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያሳየው።

በዚህ ሁሉ መሃል የሚረሳ አንድ ሰው አለ፤ ከሰል ቀያሪው ልጅ። አስራ ስምንት አስራ ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ነው አብዛኛውን ጊዜ። ሥራው ጓዳ ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል፣ ዕቃውን ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ «ማስነሳት»፣ በየክፍሉ እየዞረ አመዱን አራግፎ ፍም መቀየር ነው። ብትጠይቁት «እኔ አላጨስም» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ግን ከሰሉ ማንም ሳይስበው ጋዙን ወደ ክፍሉ ይለቃል። ደንበኛው አንድ ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል፤ ልጁ ከምሳ እስከ እኩለ ሌሊት እዚያው ነው። ራሱን ሲያመው «ጉንፋን ነው» ይሉታል። ስለ ሺሻ የተጻፈ ዜና ላይ ይህ ልጅ ሲነሳ አይቼ አላውቅም፤ ከተነሳም ከተያዙት መሃል ተቆጥሮ ነው።

ይህ ወደ ሕጉ ያመጣኛል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻን ለገበያ ማቅረብን ከልክሏል፤ የተዘጉ የሕዝብ ቦታዎች ውስጥ ማጨስንም እንዲሁ። እደግፈዋለሁ። ግን ሕጉ በተግባር የምናየው በምን መልክ ነው? ፖሊስ ቤቱን ይወርራል፣ «የሺሻ ማስጨሻ ዕቃዎች» ተሰብስበው ይደረደራሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይቃጠላሉ ወይም ይሰባበራሉ። መግለጫው ላይ «ለወንጀል መነሻ የሆኑ» ይባላል፣ «ትውልድ አጥፊ» ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚል ቃል የለም። ያየው ወጣት የሚወስደው ትምህርት «ሺሻ ፖሊስ የማይወደው ነገር ነው» የሚል ብቻ ነው። ቂርቆስ ውስጥ ደግሞ ፖሊስ የማይወደው ነገር ብዙ ስለሆነ ይህ ማንንም አያስደነግጥም።

ከወረራው በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ቤቱ ይዘጋል፣ ከጀርባ ሌላ ይከፈታል። አሁን መስኮቱ በካርቶን ይደፈናል፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል፣ ጭሱ ለጎረቤት እንዳይሸት ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ ይወተፋል። ቀድሞ አየር የነበረው ክፍል አሁን እናቶቻችን የሚፈሩት ክፍል ሆነ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙው ክፍል በኮሪደር ልማት ሲፈርስ እነዚያ ቤቶች አብረው ፈረሱ። «በውሃ ይጣራል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ግን አልፈረሰችም፤ ዕቃ ተጭኖ ከሰው ጋር አዲሱ ሰፈር ገባች። ዕቃ መስበር ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገር ለመስበር መናገር ያስፈልጋል።

ዓረፍተ ነገሯ ደግሞ አሮጊት ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ውስጥ፣ በንጉሥ አክበር ቤተ መንግሥት የነበረ አቡል ፈትህ ጊላኒ የሚባል ሐኪም፣ የትምባሆ ጭስ በውሃ ቢያልፍ ጉዳት አልባ ይሆናል ብሎ እንደመከረ ይነገራል። በዘመኑ ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ጭስን የሚለካ መሣሪያም አልነበረም። እሱ ሰበብ አለው። እኛ ጭሱ ተለክቶ፣ ደሙ ተመርምሮ፣ ውጤቱ ታትሞ እያለ አራት መቶ ዓመት የቆየ ግምት ይዘን እንከራከራለን።

ለማንም «አታጭስ» ብዬ አልጨርስም፤ ያን የሚል ሞልቷል። የምለው፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው «ሲጋራ እኮ አይደለም» ሲል እሺ በሉት፣ እውነቱን ነው፣ ሲጋራ አይደለም። ሲጋራ ላይ ከሰል የለም። ከዚያ ከሰሉ ከማን ቤት እንደመጣና እናቱ ስለዚያ ከሰል ምን ብላ እንዳሳደገችው ጠይቁት።